ቋንቋ፣ እንጀራና አደራ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን ዋጃን የሚያውቅ ሰው፣ ከራያ ቆላ መንደሮች ስንት ወጣት ወደ ባሕር ማዶ እንደ ተሻገረ ሳይነገረው ይገባዋል። ብዙዎቹ በጅቡቲና በየመን በኩል ቀይ ባሕርን አልፈው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄዱ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ዕጣ ደርሷቸው ወይም ዘመድ ጠርቷቸው አሜሪካ ገብተዋል። የሁሉም የመጀመሪያ ሥራ ያገኙት ሥራ ነው፤ ሳሕን ማጠብ፣ መኪና ማቆሚያ መጠበቅ፣ የሰው ቤት ማጽዳት። ጥቂት ዓመት ከቆዩና ጥቂት ገንዘብ ከቋጠሩ በኋላ ግን «እኔ ራሴ የምነግደው ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የአገርህን ልጅ አገልግል» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። በባዕድ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ የባዕድ ሱቅ የማይሸጥለት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ አፉ የሚሆንለት ሰው፣ የለመደው እንጀራ፣ ለእናቱ የሚልከውን ገንዘብ የሚቀበለው እጅ። ሦስቱንም አንድ ሰው በአንድ ሱቅ ሊይዛቸው ይችላል፤ ብዙዎችም ይዘዋቸዋል። የእኛ አሳብ ግን ሦስቱ እኩል አይደሉም የሚል ነው። ቋንቋው መጀመሪያ፣ እንጀራው ቀጥሎ፣ የገንዘቡ ሥራ መጨረሻ መምጣት አለበት። ተገላቢጦሽ የጀመረ ሰው የራሱን ሱቅ ብቻ ሳይሆን በዋጃ ያለችውን የሌላ ሰው እናት ገንዘብ ይዞ ይወድቃል። ምክንያቱን በተራ እናስረዳለን። ለምሳሌ የምንወስደው አገራችን ልጆች በብዛት የሚኖሩበትን የዋሽንግተን ከተማና የአካባቢዋን ሁኔታ ነው፤ የሳዑዲው ነገር የተለየ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ እናነሣዋለን።

ቋንቋው መጀመሪያ የሚሆነው ካፒታል ስለማይጠይቅ ነው። የዋጃ ልጅ በዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው። በዚያ ወሰን ላይ ያደገ ሰው አማርኛና ትግርኛን አብሮ መስማቱና መናገሩ የተለመደ ነው፤ ዓረብ አገር ቆይቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ዓረብኛ ይጨምራል። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ሐኪም ቤቶችም እንዲሁ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። የሕክምና አስተርጓሚነት ምስክር ወረቀት ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል። ይህን የጨረሰ ሰው በአንዱ የአስተርጓሚ ድርጅት ተመዝግቦ በስልክም ሆነ በአካል እየሠራ በሰዓት ሊከፈለው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማስተርጎም ሁለት ቋንቋ ማወቅ ብቻ ይመስለዋል። ጥሩ አስተርጓሚ ሕመምተኛው «ደረቴን ይወጋኛል» ሲል እሱም «ደረቴን ይወጋኛል» ይላል እንጂ «ደረቱን አመመው መሰለኝ» አይልም። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የሰማውንም ወደ ቡና ቤት አያወጣም። ትንንሽ ልጆች ለወላጆቻቸው በሐኪም ፊት እንዲያስተረጉሙ ማድረግ በአሜሪካ ሕግ ከድንገተኛ አደጋ በቀር የተከለከለው፣ ልጁ ቃሉን ስለማያውቀውና የሚያሳፍረውን ነገር ስለሚዘልለው ነው። ሰዓቱም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ሐኪሙ «ነገ በሦስት ሰዓት» ሲል በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ከተተረጎመ ሕመምተኛው ጧት በሦስት ሰዓት ሄዶ በር ላይ ይቆማል። አስተርጓሚው «ከቀትር በኋላ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ መናገር አለበት።

ከቃሉ ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የጽሑፉ ትርጉም ነው። ከአገር ቤት የመጣ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ለአሜሪካ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠየቃል። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ሁለቱን ቋንቋዎች የሚችል መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርማል። ለዚህ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ለጀማሪ በሩ ክፍት ነው። ጥፋቱም የሚገባው በዚያው በር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ አባት በዋጃ የቀረ ልጁን ሊያስመጣ ፈልጓል እንበል። የልጁ ወረቀት «የተወለደበት ቀን 5/5/2000» ይላል። በእኛ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ጥር ነው፤ ጥር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆች ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው። ቸኩሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ግን ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ሜይ 5 ቀን 2000 ያደርገዋል። ልጁ በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ። በፈረንጆች 2026 መጨረሻ እውነተኛ ዕድሜው 18 ነው፤ በወረቀቱ ግን 26 ይሆናል። የአሜሪካ ዜጋ ልጅ ያለ ወረፋ የሚገባው ያላገባና ከ21 ዓመት በታች ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ዓመታት በሚፈጅ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ስሕተቱን በኋላ ለማረም ቢሞከር እንኳ መሥሪያ ቤቱ ሁለት የተለያየ የልደት ቀን ስላየ መጠርጠሩ አይቀርም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ተርጓሚ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል፤ «ጥር 5 ቀን 2000 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይኸውም ጃንዋሪ 14 ቀን 2008» ብሎ። የስሙንም አጻጻፍ በራሱ ፈቃድ አይወስንም፤ በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደ ተጻፈ አይቶ እሱን ይከተላል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ በአንድ ሰው ወረቀቶች ላይ ሦስቱ ዓይነት ከተገኙ በውጭ አገር ዓይን ሦስት ሰዎች ናቸው።

አንድ ወሰን ደግሞ መታወቅ አለበት። ደንበኛው የነገረውን በቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍ የተርጓሚ ሥራ ነው። «ይህን ቅጽ ትተህ ያንን ሙላ፤ ለዚህ ጥያቄ እንዲህ ብለህ መልስ» ማለት ግን የጠበቃ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የፈቀደለት ወኪል ሥራ ነው። ይህን ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ወንጀል ይሠራል፤ የሚጎዳው ደግሞ ያመነው ደንበኛ ነው። ደንበኛው ምክር ቢለምን እንኳ «ይህን ጠበቃ ጠይቅ» ማለት ሥራውን አያሳንሰውም።

በዚህ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ሌላ ሀብት ያከማቻል። የሰዎችን ስም፣ ቤተሰብና መንደር ያውቃል፤ እነርሱም ወረቀታቸውን በትክክል እንደሚጽፍና ምስጢራቸውን እንደሚጠብቅ አውቀዋል። እንጀራ የሚገዛውም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ወደ እንጀራው እንለፍ። በመጀመሪያ የሚነሣው የዱቄቱ ነገር ነው። ጤፍ በአሜሪካ አይዳሆ በተባለው ግዛት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ስለሚመረት እዚያው ይገኛል። የራያ ሰው ግን የማሽላ እንጀራ ጣዕም ይናፍቀዋል። ይህ የሚናፈቅ እህል በሌላ ስም አጠገቡ ተቀምጦ ብዙ ሰው አያየውም። ሕንዶች ማሽላን «ጆዋር» ይሉታል፤ ዱቄቱም በሕንድ ሱቆች ይሸጣል። ጆዋርን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር የሚያውቅ የዋጃ ልጅ ሌላው ጋጋሪ የሌለውን ነገር ለገበያ ያቀርባል። ነገር ግን ማሽላ የበዛበት እንጀራ ከጤፉ ቶሎ እንደሚደርቅና እንደሚሰባበር ከእናቱ ቤት ያውቃልና፣ ለዕለቱ ገዢ እንጂ ለሱቅ መደርደሪያ አያብዛው።

ሁለተኛው ነገር የአየሩ ጠባይ ነው። በራያ ቆላ ሙቀት ፈጥኖ የሚቦካው ሊጥ በዋሽንግተን ክረምት ይዘገያል። ጋጋሪው ቀኑን ብቻ ቆጥሮ ከጋገረ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ምልክቱ ሊጡ ላይ ነው። ሊጡ ተነሥቶ አረፋ ካበጀና ውሃው ከላይ ከጠለለ ደርሷል፤ አብሲቱ ከገባ በኋላም እንደገና መኩፈፍ አለበት። ስለዚህ በባሕር ማዶ የሚጋግር ሰው የሊጡን ዕቃ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ስፍራ ማስቀመጥና በቀን ብዛት ሳይሆን በሊጡ መልክ መፍረድ ይገባዋል።

ሦስተኛው ነገር ፈቃዱ ነው። ለጎረቤት መጋገርና ለሱቅ ማከፋፈል በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው። ከመኖሪያ ቤት ወጥ ቤት የሚሸጥ ምግብ በየግዛቱ የተለያየ ገደብ አለበት፤ ለሱቅ የሚያከፋፍል ሰው ግን የጤና ተቆጣጣሪ ያየው ወጥ ቤት ያስፈልገዋል። ጀማሪ ሰው የራሱን ወጥ ቤት ከመሥራት ይልቅ ፈቃድ ያለውን ወጥ ቤት በሰዓት መከራየት ይሻለዋል። አንዳንድ ምግብ ቤቶች ሌሊት ባዶ ስለሚሆኑ ለዚህ ይስማማሉ።

ትርፉን የሚበላው ግን ኪራዩም ዱቄቱም አይደለም፤ ተመላሹ ነው። እንጀራ ለሱቆች የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ያልተሸጠው እንዲመለስ ተስማምቶ ነው። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንስጥ። አንድ ጋጋሪ 40 ከረጢት እንጀራ አዘጋጀ፤ የአንዱ ከረጢት ወጪ 4 ዶላር፣ ለሱቅ የሚሰጥበት ዋጋ 6 ዶላር ነው እንበል። ወጪው ሁሉ 160 ዶላር ይሆናል። 40ው ከረጢት ከተሸጠ 240 ዶላር አግኝቶ 80 ያተርፋል። 8 ከረጢት ከተመለሰ ገቢው 192፣ ትርፉ 32 ዶላር ብቻ ነው። 14 ከረጢት ከተመለሰ ገቢው 156 ዶላር ሆኖ 4 ዶላር ከስሮ ያድራል። ከ40 ከረጢት 8ቱ ብቻ ሲመለሱ ከትርፉ ከግማሽ በላይ መጥፋቱን ልብ ይሏል።

እንጀራው የሚመለሰው ስለ ሻገተ ነው፤ የሚሻግተውም ብዙ ጊዜ በትኩሱ ስለ ታሸገ ነው። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ሲታሸግ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ በከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየ ሰው ጠብታ ካየበት ያ እንጀራ ሁለት ቀን እንደማይደርስ ይወቅ። መድኃኒቱ እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው፤ እንጀራውን አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ አስፍቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማሸግ። ለያንዳንዱ ሱቅም ባለፈው ሳምንት በዚያው ቀን ስንት እንደ ተመለሰ ጽፎ የሚቀጥለውን ማሳነስ ነው። ቅዳሜ 10 የሚሸጥ ሱቅ ማክሰኞ 3 ብቻ ሊሸጥ ይችላል።

አሁን ሦስተኛው ላይ ደረስን። ለቋንቋና ለእንጀራ የሚመጣው ደንበኛ በየወሩ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስለሚልክ «ለምን ከአንተ ጋር አልልክም?» ማለቱ አይቀርም። ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ነው።

በልማድ ሐዋላ የሚባለው አሠራር ቀላል ነው። በሪያድ ያለ ሰው 1,000 ሪያል ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ቆቦ ላለ ነጋዴ ይደውላል፤ ነጋዴው ለቤተሰቡ ብሩን ይከፍላል። ሪያሉ ባሕር አይሻገርም። እዚያው ቀርቶ የነጋዴው ዕቃ በዱባይ ወይም በቻይና ሲገዛ ይከፈልበታል። ሰዎችን የሚስበው የምንዛሪው ልዩነት ነው። ሪያል ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዶላር 3 ሪያል ከ75 ሆኖ የተቆረጠ ስለ ሆነ 1,000 ሪያል ወደ 266 ዶላር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር፣ በጎን ገበያ ከ100 ብር በላይ ይሄድ ነበር። በጎን ገበያው 110 ብር ነው ብንል ያው 1,000 ሪያል በባንክ 15,200 ብር፣ በሐዋላ 29,300 ብር ያህል ነበር። በእጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ስላለ ማንም ድኻ ወደ ሐዋላ ቢያደላ አይፈረድበትም። ከዚያ ቀን በኋላ ልዩነቱ ጠቧል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ነገር ግን ላኪው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው፤ ሐዋላውን ለመያዝ የሚያስበው የአገር ልጅ ደግሞ ሌላውን ወገን ማየት አለበት። ገንዘቡ የሚፈሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቆቦ ያለው ነጋዴ ብር ሲያልቅበት ክፍያው ይዘገያል፤ ላኪው ግን የሚጠይቀው ሪያሉን የተቀበለውን ነው። ነጋዴው ቢታሰር፣ ቢከስር ወይም ቢጠፋ የሚከሰስበት ወረቀት የለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ባንክና ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት ገንዘቡን እዚህ ተቀብለው እዚያ ማድረስ ያልቻሉ፣ ወይም በእጅ ለማድረስ ከፍ ያለ ቅናሽ የወሰዱ አማላጆች ነበሩ። በሕግም በኩል በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሰውን ገንዘብ ማስተላለፍ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው፤ «ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም» ማለትም አያድንም።

ቀናው መንገድ ፈቃድ ላለው የገንዘብ አስተላላፊ ኩባንያ ወኪል መሆን ነው። ወኪሉ በኩባንያው ፈቃድ ስር ስለሚሠራ፣ ሥራው ወኪልነት ብቻ እስከ ሆነ ድረስ፣ ለራሱ በፌዴራል መዝገብ መመዝገብ አይጠየቅም። ኩባንያው ስለ ባለሱቁ ያለፈ ታሪክ ይመረምራል፣ ያሠለጥነዋል፣ ከባንክ ሒሳቡም በየጊዜው የተሰበሰበውን ይስባል። ወኪሉ በበኩሉ 3,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚልከውን ሰው መታወቂያ መመዝገብ፣ በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የተቀበለ እንደ ሆነ እንዲሁ መግለጽ፣ መዝገቡንም 5 ዓመት ማቆየት አለበት። ጧት 2,900 ልኮ ከሰዓት በኋላ 2,900 ሊልክ የመጣ ሰው፣ መመዝገብን እየሸሸ መሆኑ ግልጽ ነው። «አገር ልጅ ነው» ብሎ ማሳለፍ ጥፋቱን ወደ ራስ መውሰድ ነው።

ይህም ሆኖ ወኪሎችን የሚጥለው ሕግ መተላለፍ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ሣጥን ነው። ደግሞ በምሳሌ እናሳይ። ቅዳሜ ቀን ባለሱቁ ከእንጀራና ከሌላው ዕቃ 600 ዶላር ሸጠ። 14 ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 300 ዶላር እንዲላክላቸው ሰጡት፤ ይህም 4,200 ዶላር ነው። ማታ ሣጥኑ ውስጥ 4,800 ዶላር አለ። እሑድ ጤፍ የሚያመጣው ሰው መጥቶ 1,500 ዶላር ጠየቀው፤ ከሣጥኑ አውጥቶ ከፈለ። ሰኞ ኩባንያው 4,200 ዶላሩን ከባንክ ሒሳቡ ሊስብ ሲመጣ ያስገባው 3,300 ብቻ ነው። 900 ዶላር ጎደለ።

ባለሱቁ ሌባ አይደለም፤ ጤፉ በሳምንት ውስጥ ተሸጦ ገንዘቡ ይመለሳል ብሎ ነው። ኩባንያው ግን ሳምንት አይጠብቅም። ማሽኑን ይዘጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ 14ቱ ሰዎች ሲመጡ «አይሠራም» ይባላሉ፤ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ፤ እንጀራቸውንም ከዚያው ይገዛሉ። ከአንዱ መላኪያ የባለሱቁ ድርሻ 2 ዶላር ነው ብንል፣ በዚያ ቅዳሜ ያገኘው 28 ዶላር ነው። ለ28 ዶላር ሲል 4,200 ዶላር አደራ ያዘ፤ አደራውን ስለ ነካም ሱቁን አጣ። የአገራችን ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሱቅ ሁለት ሣጥንና ሁለት የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ጤፍ ከጤፉ ሣጥን ብቻ ይገዛ፤ የአደራው ሣጥን በየማታው ተቆጥሮ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር፤ በማግሥቱ ሙሉው ባንክ ይግባ። የጤፉ ሣጥን ጤፍ መግዛት ካቃተው ይህ የእንጀራው ንግድ እየከሰረ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። አንድ ሣጥን ብቻ ያለው ሰው ይህን ምልክት አያየውም፤ የሰው ገንዘብ ጉድለቱን እየሸፈነለት እስከ መጨረሻው ቀን ባለጸጋ ይመስለዋል። የገንዘቡን ሥራ መጨረሻ አድርጉት ያልንበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከ28 ዶላሩ የሚበልጠው ጥቅም ሰዎቹ በየወሩ ወደ ሱቁ መምጣታቸው ሲሆን፣ ከዚያ ለመጠቀም እንጀራው አስቀድሞ በራሱ የቆመ መሆን አለበት። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ላይ 1 በመቶ ግብር ስለ ተጣለና ከባንክ ሒሳብ የሚላከው ግን ነጻ ስለ ሆነ፣ በስልክ መላክ የሚችለው ደንበኛ ከሱቁ መራቁ አይቀርም። በዚህ ገቢ ላይ ብቻ የሚቆም ሱቅ መሠረቱ ደካማ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ያለው ወንድማችን «ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይሆነኛል?» ሊል ይችላል። እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በዚያ አገር በአሠሪ ስም የገባ ሠራተኛ የራሱን ሱቅ መክፈት አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በአንድ ሳዑዲ ስም ሱቅ ከፍቶ በወር የተቆረጠ ገንዘብ መክፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ ይህ ለሁለቱም ወገን እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጫ ያስከትላል፤ የውጭ አገሩ ሰው ከቅጣቱ በኋላ ይባረራል። ወረቀት የሌለው ሰው ነገርማ ከዚህም የከፋ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የሠሩበትንና ያስቀመጡትን ትተው ነው የመጡት።

ስለዚህ በሳዑዲ ያለ ሰው ከሦስቱ የሚጠቅመው ቋንቋው ነው፤ እሱም በራስ ሱቅ ሳይሆን በተቀጣሪነት። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ የሚያውቅ ሕጋዊ ሠራተኛ ፈቃድ ባለው የገንዘብ መላኪያ ቤት መስኮት ላይ ወይም በሐኪም ቤት ውስጥ ጥቅም አለው። ወደዚያ ለመዛወር ግን አሠሪውንና የሥራ ፈቃዱን በሕግ ማስተካከል ይቀድማል። የጓደኞቹን ሪያል በትራሱ ስር እየሰበሰበ ወደ ቆቦ የሚደውል ሰው ግን አንድ ሌሊት ቢያዝ የሃያ ቤተሰብ ገንዘብ አብሮት ይያዛል። ገንዘባቸውን የሚሰጡትም፣ የሚቀበለው ሰው መቼ ሊያዝ እንደሚችል ሳያስቡ ባይሰጡ ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ቃል በመሥሪያ ቤት ላላችሁ ወጣት ሹማምንት ነው። ከላይ ያየነው የ5/5/2000 ስሕተት የሚጀምረው በዋሽንግተን ሳይሆን ወረቀቱን በጻፈው ጠረጴዛ ላይ ነው። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሕግ በተደነገገው መሠረት ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በቆቦም ሆነ በዋጃ የምዝገባውን ብዕር የሚይዘው ጸሐፊ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ «ጥር» ብሎ ቢጽፍ፣ አቆጣጠሩንም ቢጠቅስ፣ ልጁን ከስምንት ዓመት እርጅና ያድነዋል። የስሙንም የላቲን አጻጻፍ በፋይዳ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር ቢያስተካክል፣ ያች እናት በባንኩ መስኮት «ስሙ አይገጥምም» ተብላ ልጅዋ የላከላትን ሳትቀበል ወደ ዋጃ አትመለስም። ይህ ጥንቃቄ ምንም በጀት አይጠይቅም፤ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ተማሪዎችም ብትሆኑ ባሕር ማዶ የመሄድ አሳብ ያላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ቋንቋ በጽሑፍ ጭምር አጥሩት። አማርኛን መናገር የሚችል ብዙ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈን የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብቦ ትርጉሙን ሳያዛባ የሚያስተላልፍ ግን ጥቂት ነው። በሰው አገር የሚከፈልበት ይኸኛው ነው።